ዲቪ ደርሶዎታል፤ ብቻ ይህችን ብር ይላኩ

«እንኳን ደስ አለዎት! የ2027 ዲቪ ዕድለኛ ሆነው ተመርጠዋል። ፋይልዎ እንዳይዘጋ በ24 ሰዓት ውስጥ የፋይል መክፈቻ 1,500 ብር ገቢ ያድርጉ።» ከመልእክቱ ሥር ንስር ያለበት ማኅተም፣ የኤምባሲ ፎቶና አንድ ሊንክ አለ። ሊንኩ ሲነካ የሚከፈተው ገጽ በባንዲራውም፣ በቀለሙም፣ በአጻጻፉም የመንግሥት ይመስላል። እንዲህ ያለ መልእክት በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ደርሶት የማያውቅ የአዲስ አበባ ወጣት ጥቂት ነው።

ለብዙ ዓመታት ለዚህ ይሰጥ የነበረው ምክር አጭር ነው፤ «ዲቪ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የጠየቀህ ሁሉ አጭበርባሪ ነው» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ዛሬ ግን አይበቃም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲቪ ምዝገባ 1 ዶላር የሚያስከፍል ደንብ አወጣ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ለአጭበርባሪው ግን ጥሩ መልስ ሰጥቶታል። ከእንግዲህ «ዲቪ እኮ ነጻ ነው» ለሚለው ሰው «አልሰሙም እንዴ? አሁን ክፍያ አለው» ማለት ይችላል። የሚናገረውም እውነት ነው። ስለዚህ «ይከፈላል ወይስ አይከፈልም?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው «መቼ፣ የት፣ ለማን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ደግሞ እውነተኛው መንገድ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሐሰተኛውን ከምንም ጋር ሳያስተያዩ መለየት አይቻልምና።

እውነተኛው ገንዘብ የሚሄድበት መንገድ

ዲቪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣ ፕሮግራም ነው። በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ተመድቦለታል። ምዝገባው የሚካሄደው በአንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱም dvprogram.state.gov ይባላል። የምዝገባው ጊዜ አንድ ወር ገደማ ይቆያል። ለምሳሌ የ2026 ዲቪ የተሞላው ከመስከረም 22 እስከ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ቅጹ ተሞልቶ ሲያልቅ ገጹ የኮንፈርሜሽን ቁጥር ይሰጣል። ውጤቱ በሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ሲወጣ ተመዝጋቢው እዚያው ድረ ገጽ ላይ ይህንን ቁጥር፣ በቅጹ ላይ ያስመዘገበውን የቤተሰብ ስምና የትውልድ ዓመቱን አስገብቶ ራሱ ያያል።

«ራሱ ያያል» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ። የአሜሪካ መንግሥት «ደርሶሃል» ብሎ አይደውልም፣ የምሥራች ደብዳቤ አይልክም፣ በቴሌግራም አይጽፍም። ጉዳዩን የሚይዘው በኬንታኪ ግዛት ያለው የቆንስላ ማዕከል ኢሜይል ቢልክ እንኳ ድረ ገጹን ገብቶ እንዲያይ ለማሳሰብ ወይም ቀድሞ ደርሶት ጉዳዩን ለጀመረ ሰው ነው። ስለዚህ ሳይጠየቅ የመጣ የምሥራች ሁሉ ገና ሳይነበብ ሊጠረጠር ይገባል። ዲቪ ሞልቶ የማያውቅ ሰው «ተመርጠዋል» ሲባልማ ነገሩ ከመነሻው አለቀ። ያልቆረጡት ሎተሪ አይወጣም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን በዚያች ደቂቃ «ምናልባት ወንድሜ ሞልቶልኝ ይሆናል» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ አጭበርባሪውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። አንዷ ዶላር የምትከፈለው በምዝገባ ጊዜ፣ በዚያው በመንግሥት ድረ ገጽ በኩል ነው። የደረሰው ሰው ከዚያ በኋላ ዲኤስ-260 የሚባለውን ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ለሱ ክፍያ የለም። ቀጥሎ የጤና ምርመራ አለ፤ የሚከፈለውም ኤምባሲው ለሰየመው ሐኪም ነው። ዋናው የቪዛ ክፍያ ለአንድ ሰው 330 ዶላር ሲሆን የሚከፈለው በእንጦጦ መንገድ ባለው ኤምባሲ፣ በቃለ መጠይቁ ዕለት፣ በአካል ቀርቦ ለገንዘብ ተቀባዩ ነው። ቪዛው እጅ ከገባ በኋላ ደግሞ ግሪን ካርዱን ለሚያዘጋጀው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት 235 ዶላር አለ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ «ፋይል መክፈቻ»፣ «ኢንሹራንስ»፣ «የስም ማጽጃ»፣ «የኮታ ማስያዣ» የሚባል ነገር የለም። ትልቁ ክፍያ ከቆንስላው ሠራተኞች ፊት ሳይደርሱ እንደማይጠየቅም ልብ ይሏል። አጭበርባሪው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ እሱ ዘንድ ገንዘቡ ይቀድማል፣ ሰነዱ ይከተላል፣ ኤምባሲው ደግሞ መቼም አይመጣም።

ፕሮግራሙ ራሱ ሲዘጋ ወይም ሲዘገይ ማጭበርበሩ የሚቀንስ የሚመስለው ሰው አለ። እንዲያውም ይብሳል። በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ እንዲቆም መታዘዙን አስታውቋል። በሩ ሲዘጋ «ለኢትዮጵያ ልዩ ኮታ ተከፍቷል»፣ «በውስጥ መስመር እየተመዘገበ ነው» የሚል ወሬ ይደራል። መደበኛው ምዝገባ መከፈት አለመከፈቱን የሚናገረው ያው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው፤ እዚያ ከሌለ የለም። ካናዳም እንደ ዲቪ ያለ፣ ማንም ስሙን አስገብቶ ዕጣ የሚጠብቅበት ሎተሪ የላትም፤ ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚሉት መንገዷ ሰውን በዕድሜው፣ በትምህርቱ፣ በቋንቋውና በሥራ ልምዱ ነጥብ እየሰጠ የሚያወዳድር ነው። «የካናዳ ሎተሪ» የሚል ገጽ ላይ ከዚያ በላይ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው።

አድራሻውን ከየት ወዴት ማንበብ

ገጹ ቢያምርም ባያምርም ምንም አይነግረንም፤ የማንንም ድረ ገጽ መልክ እንዳለ መቅዳት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከአድራሻው ጎን የምትታየው የቁልፍ ምልክትም እንደዚያው ናት። በስልኩና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈው ነገር በመንገድ ላይ እንደማይነበብ እንጂ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ታማኝ መሆኑን አትናገርም። ሌባም ቁልፍ አለው።

መቅዳት የማይቻለው አድራሻው ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን አድራሻን ከግራ ጀምረን አንብበን የምናውቀውን ቃል ስናገኝ ማቆማችን ነው። እነዚህን ሁለቱን ተመልከቱ፦

```
https://dvprogram.state.gov/ESC/
https://dvprogram.state.gov.example.com/ESC/
```

የመጀመሪያው እውነተኛው የውጤት ማያ ገጽ ነው። ሁለተኛው ለምሳሌ ያህል የተሠራ ነው። ከግራ ለሚያነበው ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። የአድራሻ ባለቤት የሚታወቀው ግን ከቀኝ በኩል ነው። «https://» ከሚለው ቀጥሎ የመጀመሪያዋን ነጠላ እዝባር ፈልጎ፣ ከእሷ ወደ ኋላ ማንበብ ነው። በመጀመሪያው ላይ ከእዝባሯ በፊት ያለው state.gov ነው፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ማለት ነው። በሁለተኛው ላይ ከእዝባሯ በፊት ያለው example.com ነው፤ ከሱ በፊት የተደረደረው ሁሉ ባለቤቱ እንደፈለገ የለጠፈው ጌጥ ነው። በ.gov የሚያልቅ አድራሻ የሚሰጠው ለአሜሪካ የመንግሥት አካላት ብቻ ነው። dvprogram-state-gov በሚል በነጥብ ፈንታ ሰረዝ ያለበት ከሆነ ደግሞ ያ አንድ ተራ ስም ነው፤ ማንም ሰው በጥቂት ዶላር ይገዛዋል።

በስልክ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የስልኩ ስክሪን ጠባብ ስለሆነ ረጅም አድራሻ ይቆረጣል፤ ከፌስቡክ ውስጥ የተከፈተ ገጽ ደግሞ አድራሻውን በሙሉ ላያሳይ ይችላል። በቴሌግራም ላይ በሰማያዊ ተጽፎ የሚታየው ቃልና ሲነካ የሚከፈተው አድራሻ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ቴሌግራም ከመክፈቱ በፊት እውነተኛውን አድራሻ አሳይቶ «ልክፈተው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው ግን ሳያነብ «ክፈት» ይላል። የኔ ምርጫ ቀላል ነው፦ የተላከ ሊንክ ጨርሶ አልነካም፤ አድራሻውን በራሴ ጣት እጽፈዋለሁ። ጎግል ላይ መፈለግም ቢሆን ከላይ ተከፍሎባቸው የሚወጡ ማስታወቂያዎች ስላሉ የመጀመሪያው ውጤት ሁሌ ትክክለኛው አይደለም።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። በ.gov የማያልቅ እውነተኛ የክፍያ ገጽም ይኖራል። አሜሪካ ለትምህርት የሚሄድ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ ካገኘ በኋላ የሚከፍለው የሴቪስ ክፍያ 350 ዶላር ሲሆን የሚከፈለውም fmjfee.com በሚባል ድረ ገጽ ነው። ይህ የመንግሥት ነው፤ ስሙ ግን አይመስልም። ታዲያ በምን ይታወቃል? ከመንግሥቱ ገጽ ተነሥቶ፣ የዚያን ገጽ ሊንክ ተከትሎ በመድረስ ነው። ከማይታወቅ ቻናል ተነሥቶ የተደረሰበት ገጽ ግን ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር አይታመንም።

አንድ ቀን ተኩል

አሁን ማጭበርበሩ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ እንይ። እንበልና በካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያ የምትሠራ ልጅ አለች። ዲግሪ አላት፤ ዲቪ ሞልታ ታውቃለች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከላይ ያነበብነው መልእክት ይደርሳታል። ሊንኩን ትከፍታለች፤ ስሟን፣ ስልኳንና የትውልድ ዘመኗን ያስሞላታል። ከዚያ ቀይ ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል፤ 23:59:58፣ 23:59:57…

ይህ ሰዓት ምንም አይለካም። ገጹን ዘግታ ብትከፍተው ብዙ ጊዜ እንደገና ከ24 ይጀምራል፤ ይህም ጥሩ መፈተኛ ነው። የሰዓቱ ሥራ ሰው ከማማከር እንድትቀር ማድረግ ነው። ማታ ቤት ገብታ ለእናቷ ብትነግር፣ ወይም ነገ ጧት ለሥራ ባልደረባዋ ብታሳይ፣ ነገሩ ሊፈርስ ይችላል። እውነተኛው ዲቪ ውስጥም የጊዜ ገደብ እንዳለ አይካድም፤ የአንድ ዓመት ዲቪ ቪዛ የሚሰጠው እስከ ሴፕቴምበር 30፣ በኛ መስከረም 20 ገደማ ድረስ ብቻ ነው። ግን ያ ገደብ በወራት የሚቆጠርና አስቀድሞ የታወቀ ነው። በ24 ሰዓት የሚያልቅ ቪዛ የለም።

የተጠየቀችው 1,500 ብር ብቻ ነው። ለምን ይህን ያህል ትንሽ? ሰው ብዙ ጊዜ «ሌባ ቢሆን ኖሮ ብዙ ይጠይቅ ነበር» ብሎ ይጽናናል። የመጀመሪያዋ ክፍያ ግን መንጠቆ ናት። ከሺህ ሰው መካከል እምነቱን የሰጠው የትኛው እንደሆነ ትለያለች፤ የቀረውን ጊዜ አጭበርባሪው በነዚያ ጥቂቶች ላይ ያጠፋል። የከፈለ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ላለመክፈል «የመጀመሪያውን ከሰርኩ» ብሎ ማመን ይኖርበታል፤ ይህ ለማንም ከባድ ነው።

ገንዘቡ የሚላከው የት ነው? ቴሌብር ቁጥር ወይም የንግድ ባንክ ሒሳብ ተሰጥቷታል። ቴሌብርም ሆነ የባንኩ መተግበሪያ ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። ስሙ የአንድ ግለሰብ ነው። ስትጠይቅ «የኤምባሲው የሒሳብ ሠራተኛ ነው» ወይም «የወኪላችን ነው፤ በዶላር መክፈል ስለማትችይ አመቻችተንልሽ ነው» ይሏታል። ሁለተኛው መልስ ብልህ ነው፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ለውጭ ግዢ የሚሆን ካርድ እንደሌለው ያውቃሉ። ይሁን እንጂ የማንም አገር መንግሥት የቪዛ ገቢውን በግለሰብ ቴሌብር አይሰበስብም። እዚህ ላይ ብትቆም 1,500 ብሯ ይተርፋል። ከሁሉም ምልክቶች አንዱን ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ይህንን እመርጣለሁ፤ የግለሰብ ስም የሚወጣበት ሒሳብ።

ከፍላለች እንበል። ረቡዕ ጧት ስልክ ይደወላል። ድምፁ የጎልማሳ ነው፤ ረጋ ይላል፤ «እርስዎ» እያለ ያናግራታል። «ከኤምባሲው የኢሚግሬሽን ክፍል ነው የምደውለው። ፋይልዎ ተከፍቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት። አሁን የቀረው የጉዞ ኢንሹራንስ ነው፤ 18,000 ብር። ቪዛው ሲመታ ተመላሽ ይሆናል።» ተመላሽ የሚለው ቃል ሰውን ያዘናጋል፤ ገንዘቡ ወጪ መሆኑ ቀርቶ አደራ ይመስላል። ስታመነታ ድምፁ ይለሰልሳል፤ «እርስዎ» ወደ «አንቺ»፣ «ወይዘሪት» ወደ «እኅቴ» ይወርዳል። «እኅቴ፣ እኔ አዝኜልሽ ነው እንጂ ከኋላሽ ተጠባባቂ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልገባ ዕድሉ ለሌላ ይተላለፋል። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ሰው ምቀኛ ነው።»

ይህ የመጨረሻው ምክር እኛ ዘንድ በደንብ ይሠራል። ጉዳይ ሳያልቅ አይወራም፣ ዓይን ይገባዋል የሚል ልማድ አለን። አጭበርባሪው ይህን ልማድ አልፈጠረውም፤ ተጠቀመበት እንጂ። እውነተኛ መሥሪያ ቤት ግን ጉዳይህን ደብቀው የሚል መመሪያ የለውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት የስክሪን ፎቶዎች ይመጣሉ፤ ቪዛ የተለጠፈበት ፓስፖርት፣ ቦሌ ኤርፖርት ሻንጣ የያዘ ወጣት፣ «ጌታ ይባርካችሁ፣ ዋሽንግተን ገባሁ» የሚል ጽሑፍ። እነዚህን ማንም ከማንም ይወስዳቸዋል። ከዚያ በኋላ ካልከፈለች ማባበሉ ወደ ማስፈራራት ይዞራል፤ «ስምሽ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ከእንግዲህ የትም አገር ቪዛ አይመታልሽም።» ክፍያ ባለመክፈል የሚገባበት እንዲህ ያለ መዝገብ የለም።

አንድ ጥያቄ ግን ይህን ሁሉ ሊያሳጥረው ይችል ነበር። «ገንዘቡ አለኝ፤ ነገ ኤምባሲው መጥቼ በአካል እከፍላለሁ» ብትለው ምን ይላል? ሰልፉ ረጅም ነው፣ የዚህ ክፍል ሠራተኞች ሕዝብ አያስተናግዱም፣ የግቢው ጥበቃ አያስገባሽም፣ በኦንላይን ብቻ ነው… ሁልጊዜ ምክንያት አለው። እውነተኛው ክፍያ በአካል መሆኑን ደግሞ አስቀድመን አይተናል።

የሚያውቁት ሰውም ቢሆን

ማጭበርበር ሁሉ ከማይታወቅ ቁጥር አይመጣም። ብዙ ሰው ዲቪ የሚያስሞላው በሰፈሩ ኢንተርኔት ካፌ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ኮምፒውተር ለማይጠቀም ሰው ለሙያው ጥቂት ብር መክፈል ምንም ስሕተት የለበትም። ጣጣው ያለው ቅጹ ውስጥ በሚገባው ኢሜይል ላይ ነው። ሞይው ጊዜ ለመቆጠብ ለሁሉም ደንበኛ የራሱን ኢሜይል ያስገባል፤ የኮንፈርሜሽን ቁጥሩን ወረቀትም «እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ውጤቱን አይቼ እነግርሃለሁ» ይላል። የጠፋ የኮንፈርሜሽን ቁጥር ከድረ ገጹ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ከስምና ከትውልድ ቀን ጋር በምዝገባ ጊዜ የገባውን ኢሜይል ይጠይቃል። ስለዚህ ኢሜይሉ የሞይው ከሆነ፣ ደርሶት እንደሆነ የሚያውቀው ሞይው ብቻ ነው። ከዚያ በሚያዝያ «ደርሶሃል፣ ቁጥሩን ግን በዚህን ያህል» ይላል፤ ወይም ከዚህ የባሰ፣ ሚስት ወይም ባል አድርጎ አብሮ የሚያስገባው ገንዘብ የከፈለ ሰው ያመጣል። ያ የሐሰት ጋብቻ በቃለ መጠይቁ ላይ ከታወቀ ሰውየው የዘንድሮውን ዕድል ብቻ ሳይሆን አሜሪካ የመግባት መብቱን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ሱቆች ከነደንበኞቻቸው ተበትነዋል። ወረቀቱን ሱቅ ውስጥ ትቶ የሄደ ሰው የሱቁን ባለቤት ከየት ያገኘዋል? መፍትሔው ከመሙላቱ በፊት ነው ያለው፤ የራስ ኢሜይል ይዞ መሄድ፣ ሞይው ሲያስገባው ፊደል በፊደል ማየት፣ የኮንፈርሜሽን ገጹን እዚያው በስልክ ፎቶ አንሥቶ መውጣት። አንዳንድ ሞዮች ዕድል ለመጨመር ብለው አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ያስሞላሉ፤ ከአንድ በላይ የሞላ ሰው ከውድድሩ ይወጣል። «መቶ በመቶ እናስወጣለን» የሚል ማስታወቂያ ካለ ደግሞ ይህን ማስታወስ ነው፦ ለ2025 ዲቪ ከገቡት 19.9 ሚሊዮን ገደማ ማመልከቻዎች የተመረጡት ቤተሰብ ጨምሮ 131 ሺህ ያህል ሰዎች ናቸው። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ሞይው ከዚህ ላይ የሚጨምረው ዕድል የለም።

ስኮላርሺፕ ሲሆን

በስኮላርሺፕ በኩል ማጭበርበሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው አንድ እውነተኛ ውስብስብ ነገር ስላለ ነው። ቼቭኒንግ፣ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም፣ የጀርመኑ ዳአድ ለማመልከት ክፍያ አይጠይቁም። ዩኒቨርሲቲዎች ግን፣ በተለይ በአሜሪካና በቻይና፣ የማመልከቻ ክፍያ ያስከፍላሉ፤ አንዳንዶቹ አቅም የሌለውን ተማሪ ከክፍያው ነጻ ያደርጋሉ። አጭበርባሪው የሚሠራው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። «የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ክፍያ ነው» ብሎ ይጀምራል። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚከፈለው ግን ተማሪው ራሱ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አካውንት ከፍቶ፣ ማመልከቻውን ሞልቶ ሲጨርስ፣ በዚያው ገጽ ለዩኒቨርሲቲው ነው። ገንዘብ ተቀብሎ «እኔ እከፍልልሃለሁ» የሚል ሰው መክፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ከዩኒቨርሲቲው ማምጣት መቻል አለበት።

ቁርጥ ያለው ምልክት ሌላ ነው፤ ስኮላርሺፑ ከተሰጠ በኋላ የሚጠየቅ ገንዘብ። «የተማሪ ሒሳብዎን ለማንቀሳቀስ»፣ «የወር አበልዎን ለመልቀቅ ማስያዣ» ይባላል። የትምህርት ወጪን ችሎ አበል የሚሰጥ ተቋም አበሉን ለመስጠት ከተማሪው ገንዘብ የሚወስድበት ምክንያት ምንድን ነው? ያልተወዳደሩበት፣ ፈተና ያልተፈተኑበት፣ ድርሰት ያልጻፉበት ስኮላርሺፕም እንደ ያልተሞላው ዲቪ ነው። ለአሜሪካ ትምህርት የሚጠራጠር ሰው ኤምባሲው በኤጁኬሽንዩኤስኤ በኩል ያለ ክፍያ የሚሰጠውን ምክር መጠየቅ ይችላል።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላ

ከተላከ በኋላ ጥቂት ደቂቃም ዋጋ አላት። አጭበርባሪው ገንዘቡን ወዲያው ያወጣዋል ወይም ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደወለው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ነው፤ ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127። የግብይት ቁጥሩን ማንበብ፣ የተላከበትን ሒሳብ መንገርና ማስታገድ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው። መመለሱ ዋስትና የለውም፤ ባንኩ በራሱ ፈቃድ የሌላ ሰው ሒሳብ ላይ እጁን ማስገባት ስለማይችል የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቀጣዩ ጉዞ በአቅራቢያው ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ ማታለል በተደነገገውና በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው።

ወደ ጣቢያው ከመሄድ በፊት አንድ ነገር፦ በንዴት ውይይቱን አታጥፉ፣ ሰውየውንም አትሳደቡ። ሲሳደቡት ቻቱን ከሁለቱም ስልክ ያጠፋዋል፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅድለታል። መጀመሪያ ውይይቱን፣ የቻናሉን ስም፣ የሊንኩን ሙሉ አድራሻ፣ የደወለበትን ቁጥርና የክፍያ ደረሰኙን በስክሪን ፎቶ መያዝ ይቀድማል። የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ፎቶ ተልኮ ከሆነ ለፖሊሱ መናገር ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰነድ ሌላ ሰው ሊታለል ይችላልና።

ያቺ ልጅ 18,000 ብሩንም ከፍላ ከሆነ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ሌላ መልእክት ሊመጣላት ይችላል። «በዲቪ ስም የተጭበረበሩ ሰዎችን ገንዘብ እናስመልሳለን። የእርስዎ 19,500 ብር ተገኝቷል።» ቁጥሩ ልክ መሆኑ ያስደነግጣል፤ እንዴት አወቁ? ያወቁት ስለወሰዱት ነው፤ ወይም ዝርዝሩን ከወሰደው ሰው ስለገዙት። ገንዘቡን ለመልቀቅ የሚጠይቁትም «የአገልግሎት ክፍያ» ነው፤ 1,500 ብር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በግለሰብ ቴሌብር።